ተንደርበርድ ወይስ አውትሉክ? ኢሜይል በኪቦርድ ለሚያጸዱ የቀረበ ንጽጽር

ከቃሊቲ ወጥታችሁ ወደ ዱከም ስትሄዱ፣ ገላን ላይ መንገዱ ዳር ብዙ የትራንዚት ቢሮዎች አሉ። እኔም የምሠራው ከእነዚህ በአንዱ ነው። ጠዋት ኮምፒውተር ስንከፍት ኢንቦክሱ ሞልቶ ይጠብቀናል። ከጅቡቲ የመርከብ መድረሻ ማስታወቂያ፣ ከአስመጪው ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት፣ ከባንክ ሰነድ፣ ከሾፌር ስምሪት ጥያቄ ይመጣል። ሁሉም መነበብ አለበት። የሚመለሰው ይመለሳል። ከዚያ እያንዳንዱ የደንበኛው ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ ነገ ዲክላራሲዮን ሲሞላ ይፈለጋላ።

እንዲህ ለሚሠራ ሰው ማውስ ትልቅ ጊዜ በላተኛ ነው። ደብዳቤውን በማውስ ይዞ፣ ረጅሙን የፎልደር ዝርዝር ጎትቶ፣ ትክክለኛው ላይ መጣል ያደክማል። አንድ መስመር ስቶ ሌላ ደንበኛ ፎልደር ውስጥ መጣልም አለ። ለዚህ ነው ኪቦርድ የሚመረጠው። ግን የትኛው ፕሮግራም ለኪቦርድ ይመቻል?

የማወዳድረው ሁለት ፕሮግራሞችን ነው፤ ዊንዶውስ ላይ የሚጫነውን ተንደርበርድ እና የድሮውን፣ ክላሲክ የሚባለውን አውትሉክ። አዲሱ አውትሉክ ሌላ ነገር ስለሆነ መጨረሻ ላይ በአጭሩ እነካዋለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በማንበብና በመመለስ ሁለቱ ብዙም አይበላለጡም። የሚለያዩት ፋይል በማድረግ ላይ ነው። አውትሉክ ደብዳቤን አንድ በአንድ ለሚለይ ሰው ይመቻል። ተንደርበርድ ደግሞ በጅምላ ለሚያነሳ።

ማንበብ

ተንደርበርድ የደብዳቤ ዝርዝሩ ላይ ሳላችሁ ነጠላ ፊደል ይቀበላል። N ወደሚቀጥለው ያልተነበበ ደብዳቤ ይወስዳችኋል። F ወደሚቀጥለው ደብዳቤ ነው፣ ተነበበም አልተነበበም። B ወደ ኋላ ይመልሳል። ከሁሉም የምወደው ግን ስፔስን ነው። ደብዳቤው ረጅም ከሆነ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ሲያልቅ ደግሞ ወደሚቀጥለው ያልተነበበ ይዘላል። አንድ አውራ ጣት ብቻ ይዛችሁ ኢንቦክሱን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ትችላላችሁ።

አውትሉክ ላይ ዝርዝሩ በቀስት ቁልፎች ይሄዳል። ስፔስ እዚህም ደብዳቤውን ወደ ታች ያወርዳል። ደብዳቤውን በራሱ መስኮት ከከፈታችሁት Ctrl+. ወደሚቀጥለው፣ Ctrl+, ወደ ቀደመው ይወስዳል። እንደ N ያለ፣ ያልተነበበውን ብቻ እየመረጠ የሚዘል ነጠላ ፊደል ግን የለውም። በንባብ ተንደርበርድ በትንሹ ይቀድማል።

በኪቦርድ ስትሮጡ አንድ ነገር ታጋጥማችኋለች። ደብዳቤው ላይ ስላለፋችሁ ብቻ «ተነቧል» ተብሎ ይመዘገባል። በማውስ ሲሠራ ይህ ብዙም አይታይም፤ በቀስት ሲታለፍ ግን ሳታነቡ አሥሩን ደብዳቤ የተነበበ ታደርጉታላችሁ። ተንደርበርድ ውስጥ Settings ገብታችሁ Reading & Display ከሚለው ሥር፣ ደብዳቤው ጥቂት ሰከንድ ከታየ በኋላ ብቻ የተነበበ እንዲባል አድርጉ። አውትሉክም በንባብ መስኮቱ አማራጮች ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለው። ያነበባችሁትን ወደ ያልተነበበ መመለስ ከፈለጋችሁ ተንደርበርድ ላይ M፣ አውትሉክ ላይ Ctrl+U ነው።

ያችን Ctrl+U ልብ በሉ። ተንደርበርድ ላይ ያው ቁልፍ የደብዳቤውን ጥሬ ኮድ ይከፍታል። በሁለቱም ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ እንዲህ ያሉ ግጭቶች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

| ሥራ | ተንደርበርድ | አውትሉክ ክላሲክ |
|---|---|---|
| ለላኪው መመለስ | Ctrl+R | Ctrl+R |
| ለሁሉም መመለስ | Ctrl+Shift+R | Ctrl+Shift+R |
| ፎርዋርድ | Ctrl+L | Ctrl+F |
| መላክ | Ctrl+Enter | Ctrl+Enter |
| መፈለግ | Ctrl+K | Ctrl+E |
| አርካይቭ | A | Backspace |
| ፎልደር መርጦ ማዛወር | የራሱ ቁልፍ የለውም | Ctrl+Shift+V |
| ወደ መጨረሻው ፎልደር ደግሞ ማዛወር | Ctrl+Shift+M | የለም |

መመለስ

መመለስ ላይ ከሰንጠረዡ እንደምታዩት ጣታችሁ አዲስ ነገር አይማርም። ችግሩ ፎርዋርድ ነው። አውትሉክ የለመደ ሰው ተንደርበርድ ላይ Ctrl+F ሲጫን ደብዳቤው ውስጥ ቃል መፈለጊያ ሳጥን ይመጣበታል። ተንደርበርድ የለመደው ደግሞ አውትሉክ ላይ ቃል ልፈልግ ብሎ Ctrl+F ሲጫን የፎርዋርድ መስኮት ይከፈትበታል። ጉዳት የለውም፣ Esc ይዘጋዋል። ግን በቀን ስንት ጊዜ!

መላኪያው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። Ctrl+Enter በሁለቱም ደብዳቤውን ይልካል። አዲስ መስመር ልጀምር ያለ ጣት Ctrl ላይ ካረፈ፣ ግማሽ ደብዳቤ ለደንበኛ ይሄዳል። ተንደርበርድ በኪቦርድ ስትልኩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት አማራጭ አለው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ተሰላችቶ ያጠፋዋል። እኔ አታጥፉት እላለሁ። Enter አንዴ ተጨማሪ መጫን ነው፣ ከዚህ በላይ አያስከፍልም። አውትሉክ ላይ ደግሞ የተላከ ደብዳቤ ሁሉ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ Outbox ውስጥ እንዲቆይ የሚያደርግ ሩል መሥራት ይቻላል። ዋጋ ተሳስቶ የተጻፈበትን ኢሜይል በዚያች ደቂቃ ውስጥ መያዝ ይቻላል።

ተንደርበርድ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጥሩ ነገር አለ። ደብዳቤው ውስጥ የምትመልሱለትን አንድ አንቀጽ ብቻ መርጣችሁ Ctrl+R ብትጫኑ፣ መልሱ ውስጥ የሚገባው ያ የመረጣችሁት ብቻ ነው። የመርከብ ወኪል ኢሜይል ስንት ገጽ ማስታወሻና ማስጠንቀቂያ እንደሚያስከትል የምታውቁ፣ ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ይገባችኋል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ፣ እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ነው የሚሄደው፣ ተንደርበርድ ላይ Ctrl+Shift+Enter መልሱን Outbox ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቅላችኋል። አውትሉክ ላይ በተለመደው መንገድ ላኩት፤ ኔትወርኩ ሲመለስ F9 መላክና መቀበሉን ያስጀምረዋል።

ፋይል ማድረግ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ደብዳቤን ከኢንቦክስ ለማንሳት በኪቦርድ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው አርካይቭ ማድረግ ነው፤ የት እንደሚገባ አትመርጡም። ሁለተኛው ፎልደር መርጦ ማዛወር ነው። ሦስተኛው መድረሻው አስቀድሞ የተወሰነ ቁልፍ መሥራት ነው።

አርካይቭ በሁለቱም ፕሮግራም በአንድ ቁልፍ ይሠራል። የተንደርበርድ A ግን ብልጥ ነው። ደብዳቤዎቹን በዓመት ወይም በወር በተከፈለ ፎልደር ውስጥ ያስገባል፤ ምርጫው Account Settings ውስጥ Copies & Folders ከሚለው ሥር ነው። የሚያየው ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ነው። የታኅሣሥን ደብዳቤ በሚያዝያ አርካይቭ ብታደርጉት ቦታው እዚያው የታኅሣሥ ፎልደር ነው። በነገራችን ላይ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ መስከረም ላይ አዲስ ዓመት ገባ ብላችሁ አዲስ ፎልደር አትጠብቁ።

አርካይቭ የሚበቃው በኋላ በፍለጋ ለሚያገኝ ሰው ነው። ለእኛ ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ምክንያቱም የመርከብ መድረሻ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የቢል ኦፍ ሎዲንግ ቁጥር ነው። የደንበኛው ስም ርዕሱ ላይ ላይኖር ይችላል። በደንበኛው ስም ብትፈልጉት አይመጣም። ስለዚህ አንድ ሰው አንብቦ «ይሄ የብረት አስመጪው ነው» ብሎ እጁን ማስገባት አለበት።

አውትሉክ ላይ ይህን የሚሠራው Ctrl+Shift+V ነው። የፎልደር ዝርዝር ያለው ትንሽ መስኮት ይከፈታል። የፎልደሩን የመጀመሪያ ፊደል ስትጫኑ ወደዚያ ይዘላል፣ Enter ያዛውረዋል። ዝላዩ የሚሠራው ግን ተዘርግተው ለሚታዩት ፎልደሮች ነው። በሌላ ፎልደር ሥር የተደበቀውን አያገኘውም። ለዚህ ነው የደንበኞችን ፎልደሮች ሁሉ በአንድ ደረጃ አስቀምጣችሁ በቁጥር መሰየም የሚሻለው፤ «1 ቡና»፣ «2 ብረት»፣ «3 መድኃኒት» እያላችሁ። ቁጥር የሚረዳበት ሌላ ምክንያት አለ፣ አማርኛ ኪቦርዱ ጋ ስንደርስ እናየዋለን።

አውትሉክ ግን ከዚህም የተሻለ አለው። Home ላይ Quick Steps የሚል ሳጥን አለ። Create New ብላችሁ ስም ስጡት። ከዝርዝሩ Move to folder መርጣችሁ የደንበኛውን ፎልደር አሳዩት። ሌላ ተግባር ጨምሩና Mark as read አድርጉት። ከታች Shortcut key በሚለው Ctrl+Shift+1 ምረጡ። Finish። ከዚህ በኋላ ያችን ጥምር መጫን ብቻ ደብዳቤውን የተነበበ አድርጎ ፎልደሩ ውስጥ ያስገባዋል። ከ1 እስከ 9 ድረስ ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ቁልፎች ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ዘጠኝ ብቻ መሆኑ ነው ገደቡ። ደንበኞቻችሁ ሠላሳ ከሆኑ፣ በየቀኑ ለሚጽፉት ዘጠኙን ስጡ፣ ለቀሪዎቹ Ctrl+Shift+V ይበቃል።

ተንደርበርድ እዚህ ጋ ይደክማል። ፎልደር መርጦ ለማዛወር የራሱ ቁልፍ አልተሰጠውም። Shift+F10 ተጭናችሁ ከሚከፈተው ሜኑ Move To ውስጥ በቀስት መሄድ አለባችሁ። ያለው ነገር Ctrl+Shift+M ነው። ይህ መጨረሻ ላይ ያዛወራችሁበትን ፎልደር አስታውሶ፣ አሁን የመረጣችሁትንም ደብዳቤ እዚያው ያስገባል። የሚያስታውሰው አንድ ፎልደር ብቻ ነው። ቡና፣ ብረት፣ ቡና፣ መድኃኒት እያላችሁ ብትቀያይሩ አይረዳችሁም። የቡናውን ሁሉ አከታትላችሁ ካነሳችሁ ግን እንደ ንፋስ ይሮጣል።

ይህን ክፍተት የሚሞላ Quick Folder Move የሚባል ተጨማሪ አለ። የፎልደሩን ስም ከፊሉን ጽፋችሁ እንድትመርጡ ያደርጋል። ከመጫናችሁ በፊት ለያዛችሁት የተንደርበርድ ስሪት መሆኑን እዩ። ተንደርበርድ በየጊዜው ሲታደስ የቆዩ ተጨማሪዎች መሥራት ያቆማሉ። የተጨማሪዎችን ቁልፍ መቀየር ብትፈልጉ Add-ons ገጽ ላይ ካለችው የጥርሳማ ጎማ ምልክት Manage Extension Shortcuts ውስጥ ትገባላችሁ።

ሌላው የተንደርበርድ መንገድ ታግ ነው። 1 ብትጫኑ ደብዳቤው ቀይ ይሆናል፣ ሲመጣ ስሙ Important ነው። 2 Work፣ 3 Personal እያለ ይቀጥላል። 0 ሁሉንም ታግ ያነሳል። ስማቸውን Settings ውስጥ በደንበኛ ስም ለውጧቸው። ከዚያ 1 እና A ብትጫኑ፣ ደብዳቤው ታግ ተደርጎ አርካይቭ ይገባል። ፎልደር አልመረጣችሁም፣ ግን የማን እንደሆነ ተጽፎበታል። በኋላ በታግ አጣርታችሁ ታወጡታላችሁ። ለኔ ከተንደርበርድ መንገዶች ሁሉ ይህ የተሻለው ነው።

የአንድ ጠዋት ሒሳብ

በምሳሌ እንየው። ሠላሳ ደብዳቤ አለ እንበል፣ የሦስት ደንበኞች፣ ተቀላቅሎ የመጣ። የንባቡን እንተወው፣ ፋይል ማድረጉን ብቻ እንቁጠር። ጥምር ቁልፍን እንደ አንድ ጭነት እንያዘው።

አውትሉክ በ Quick Steps፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጭነት። 30 ጭነት። ካዛወረ በኋላ ምርጫው ራሱ ወደሚቀጥለው ደብዳቤ ስለሚሄድ ቀስት እንኳ አያስፈልግም።

አውትሉክ በ Ctrl+Shift+V፤ ጥምሩ፣ የፎልደሩ ቁጥር፣ Enter። ለእያንዳንዱ ሦስት ነው፣ 90 ጭነት።

ተንደርበርድ በታግና በአርካይቭ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት። 60 ጭነት፣ ግን ሁሉም ነጠላ ቁልፍ ስለሆነ ጣት አይጠመዘዝም።

ተንደርበርድ በጅምላ፤ እዚህ ሒሳቡ ይለወጣል። Ctrl+Shift+K የማጣሪያ ሳጥኑን ይከፍታል። የደንበኛውን ስም አምስት ፊደል ትጽፋላችሁ። በ F6 ወደ ዝርዝሩ ትመለሳላችሁ። Ctrl+A ሁሉንም ይመርጣል። ከዚያ በሜኑው ወደ ፎልደሩ ታዛውራላችሁ። ለአንድ ደንበኛ ከ15 እስከ 20 ጭነት ይሆናል፣ ለሦስቱ ወደ 50 ገደማ። ከ Quick Steps ይበልጣል። ግን ልብ በሉ፤ ደብዳቤው ሠላሳ ሆነ ስልሳ፣ ይህ ቁጥር አይጨምርም። ከበዓል በኋላ ሦስት ቀን የተጠራቀመ ኢንቦክስ ሲጠብቃችሁ አንድ በአንድ የሚሄደው ሰው ገና ግማሽ ላይ ሳለ እናንተ ጨርሳችኋል።

ጅምላው የሚሰናከለው ያው ቅድም ያልኩት ቦታ ላይ ነው። ማጣሪያው ላኪን፣ ተቀባይንና ርዕስን ያያል። የደንበኛው ስም እነዚያ ላይ የሌለባቸው የመርከብ ማስታወቂያዎች ይቀራሉ። የደብዳቤውን ሆድ ጭምር እንዲያይ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ይዘገያል። ስለዚህ በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው። ስም ያለባቸውን በጅምላ ታነሳላችሁ፣ የቀሩትን ጥቂቶች እያነበባችሁ ታግና A ታደርጋላችሁ።

Ctrl+A ራሱ አደጋ አለው። ያልመለሳችሁለት ደብዳቤም አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ መልሱ፣ ወይም መልስ የሚፈልገውን በ S ኮከብ አድርጉበትና ከምርጫው አስወጡት።

አማርኛ ኪቦርድ ሲበራ

ይህን የፈረንጅ መመሪያ አይነግራችሁም። ለደንበኛ በአማርኛ መልስ ጽፋችሁ፣ ልካችሁ፣ ወደ ዝርዝሩ ተመለሳችሁ። ኪቦርዱ ገና አማርኛ ላይ ነው። A ትጫናላችሁ፣ ምንም አይሆንም። N፣ ምንም። ፕሮግራሙ ተበላሸ ትላላችሁ። አልተበላሸም። እየደረሰው ያለው የላቲን ፊደል አይደለም፣ የግዕዝ ፊደል ነው። አርካይቭ የሚለውን ትእዛዝ «አ» አትጠራውም።

Ctrl ያለባቸው ጥምሮች አብዛኛውን ጊዜ አማርኛ በርቶም ይሠራሉ። ለዚህ ነው አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ ለሚጽፍ ሰው አውትሉክ በዚህ በኩል የሚሻለው። ቁልፎቹ በአብዛኛው Ctrl ያለባቸው ናቸው። ተንደርበርድ ደግሞ ፍጥነቱ ያለው ነጠላ ፊደሎቹ ላይ ነው፣ የሚመታውም እዚያው ላይ ነው። የፎልደር ስሞችን በቁጥር ጀምሩ ያልኩትም ለዚህ ነው። አማርኛ ኪቦርድ ላይ ቁጥሮች እንዳሉ ይቀራሉ፣ የአውትሉክ የፎልደር መስኮት ላይ 2 ስትጫኑ በሁለቱም ቋንቋ ወደ «2 ብረት» ይዘላል። የተንደርበርድ ታጎችም ቁጥር ስለሆኑ ተመሳሳይ ጥቅም አላቸው።

መፍትሔው Win+Space ነው፤ ቋንቋውን ይቀይራል። ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የቋንቋ ምልክት ማየት ልማድ ይሁናችሁ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ Advanced keyboard settings ገብታችሁ ለእያንዳንዱ የፕሮግራም መስኮት የራሱን ቋንቋ እንዲይዝ የሚያደርገውን ሳጥን ብትመርጡ፣ ወርዱ በአማርኛ፣ ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ይቆያል። የትም ሄዳችሁ ስትመለሱ ያው ነው።

ጣት ሲስት

የነጠላ ፊደል ሌላው መዘዝ ተቃራኒው ነው። Ctrl+R ተጭናችኋል፣ ላፕቶፑ ዘገየ፣ የመልሱ መስኮት ገና አልተከፈተም። እናንተ ግን መጻፍ ጀመራችሁ፤ selam። s ደብዳቤው ላይ ኮከብ አደረገ። e እና l ምንም አላደረጉም። a አርካይቭ አደረገው። m ደግሞ ተራውን ይዞ የመጣውን ሌላ ደብዳቤ የተነበበ ከሆነ ያልተነበበ፣ ያልተነበበ ከሆነ የተነበበ አደረገው። ደብዳቤው የጠፋ መስሏችሁ ትደነግጣላችሁ። መጀመሪያ Ctrl+Z ሞክሩ፣ አርካይቩን ይመልሰዋል። ካለፈ በኋላ ከሆነ Archives ሥር የዓመቱን ፎልደር ክፈቱ፣ እዚያ ነው ያለው። አውትሉክም ከዚህ ነፃ አይደለም። ዝርዝሩ ላይ ሆናችሁ የጻፋችሁትን ልታጠፉ መስሏችሁ Backspace ከተጫናችሁ ደብዳቤው አርካይቭ ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት ትዕግሥት ማጣት ነው። ኔትወርኩ ሲያዘግም A ትጫናላችሁ፣ ደብዳቤው አይንቀሳቀስም፣ ደግማችሁ ትጫናላችሁ። ከዚያ ሁለቱም ይሄዳሉ፤ አንዱ የፈለጋችሁት፣ ሌላው ያላነበባችሁት። መንቀራፈፍ ስታዩ እጃችሁን አንሱና ከታች ያለውን የሁኔታ መስመር ተመልከቱ።

ሦስተኛው የታጠፈ ውይይት ነው። ተንደርበርድ ደብዳቤዎችን በውይይት ካሰለፈና ውይይቱ ታጥፎ ከታየ፣ A አንዱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን ሁሉ ይወስዳል። አንዳንዴ የምትፈልጉት ይህንኑ ነው። ካልፈለጋችሁ በቀኝ ቀስት ዘርጉትና አንዱን ምረጡ።

የማጣሪያ ሳጥኑም ሰው ያስደነግጣል። የሒሳብ ክፍላችን አዛውንት አንድ ቀን ጠሩኝና «ልጄ፣ ኢንቦክሴ ባዶ ሆነ፣ ማን ነው ያጠፋብኝ?» አሉኝ። ከላይ ሳጥኑ ውስጥ የአንድ ደንበኛ ስም ተጽፎ ቀርቷል። «ጋሼ፣ ማንም አላጠፋውም፣ Esc ይጫኑት» አልኳቸው። ሁሉም ተመለሰ። እሳቸውም «እንዲህ ከሆነማ ምነው መጀመሪያውኑ አይነግረኝም!» ብለው ተንደርበርድን ተቆጡት። ትክክል ናቸው፣ ማጣሪያ መብራቱን ጎልቶ አያሳይም።

አንድ የላፕቶፕ ነገር ደግሞ አለ። F6 እና F9 በብዙ ላፕቶፕ ላይ ከ Fn ጋር ካልተጫኑ ድምፅ ወይም ብርሃን ይቀይራሉ። አውትሉክ ላይ ባንዲራ የሚያደርገው Insert ቁልፍ ደግሞ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ጭራሽ የለም። አንድ ርካሽ የዩኤስቢ ኪቦርድ ይህን ሁሉ ይፈታል።

እንግዲህ የቱን?

ደንበኞቻችሁ ጥቂት ከሆኑና ደብዳቤያቸው ተቀላቅሎ የሚመጣ ከሆነ፣ አውትሉክ ክላሲክ ውሰዱ። ዘጠኙ Quick Steps ይበቃችኋል። ቢሮው ቀድሞ አውትሉክ ያለበትን ኦፊስ ከገዛ ደግሞ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ማይክሮሶፍት ክላሲኩን ቢያንስ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. እንደሚደግፍ አስታውቋል፣ ስለዚህ ዛሬ የለመዳችሁት ነገ ይነጠቃል ብላችሁ አትሥጉ።

ደብዳቤው በብዛት ከመጣና አብዛኛው ከታወቁ ላኪዎች ከሆነ፣ ወይም ፎልደር ትታችሁ በታግና በፍለጋ መኖር ከቻላችሁ፣ ተንደርበርድ ይሻላችኋል። ነፃ ነው። ለሦስትና አራት ኮምፒውተር ቢሮ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ነጠላ ፊደሎቹ ላይ ሙግት እንዳለ ይወቅ።

አዲሱ አውትሉክ ከክላሲኩ በቁልፎች ይለያል። ቅንብሩ ውስጥ የትኛውን ዓይነት ሾርትከት መጠቀም እንደምትፈልጉ መምረጫ አለ፤ የጂሜይልን ዓይነት ጨምሮ። ጂሜይል በብራውዘር የለመደ ሰው ከዚያ ቢጀምር ይቀለዋል። ክላሲክ ላይ የለመደ ጣት ያለው ግን፣ ኮምፒውተሩ ላይ «ወደ አዲሱ ቀይር» የምትለዋን ማብሪያ ሳይነካ፣ የሚጠቀምባቸውን ቁልፎች በሌላ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ቢሞክራቸው ነው የሚሻለው።

ምርጫችሁ የትኛውም ይሁን፣ አንድ ቅንብር መጀመሪያውኑ አብሩ። ተንደርበርድ ላይ Copies & Folders ውስጥ፣ አውትሉክ ላይ የሜይል አማራጮች ውስጥ፣ መልሱ የተመለሰለት ደብዳቤ ባለበት ፎልደር እንዲቀመጥ የሚያደርግ ሳጥን አለ። አውትሉክ ላይ ይህ የሚሠራው ደብዳቤው ከኢንቦክስ ውጭ ሲሆን ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ቀድማችሁ በ Ctrl+Shift+2 ብረት ፎልደር ውስጥ አስገቡት፣ በ Ctrl+Y ወደዚያ ፎልደር ሂዱና ከዚያ ሆናችሁ በ Ctrl+R መልሱለት። የደንበኛው ጥያቄና የእናንተ መልስ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ዲመሬጅ ተቆጥሮ «መቼ ነው ያሳወቃችሁን?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ የሚከፈተው አንድ ፎልደር ብቻ ነው።